ኳድሮው ላይ የቀረው ቁልፍ

ባሌን የመታው ሌባ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰፈሩ የየራሱን እያወራ ጆሮዬን አደንቁሮታል። የመታው የገዛ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ በጎማ መፍቻ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኔ እያየ። ሰውየውን ድሮ «ጋሼ» እያልኩ አንቱ ነበር የምለው። አሁን አንቱታውን ነጥቄዋለሁ። ታክሲ ተራው ላይ ወፍጮ ይሉታል፣ እኔም ወፍጮ እለዋለሁ። ስሙ የወጣለት ሲናደድ ጥርሱን ስለሚያፋጭ ነው። ካፋጨ በኋላ ደግሞ እጁ አርፎ አይቀመጥም።

ሚኒባሷ የወፍጮ ናት፤ የሚነዳት ባሌ ነው። እነሱ ትልቁ ቤት፣ እኛ ጓሮ ያለችው ክፍል፣ አንድ ግቢ ነን፤ የሁለታችንም ቤት የሚበላው ከእሷ ነው። እሷ ከጠፋች ሁላችንም ጠፋን፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ተራው ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ያልተጻፈ፣ ግን ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጥ። ተሰልፎ የቆመ መኪና ቁልፉ ከኳድሮው፣ ከሞተር ማስነሻው፣ አይነቀልም። ሰልፉ በሄደ ቁጥር መኪናው ወደፊት መጠጋት አለበት፤ ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ወይም ሽንት ቤት ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ተራ አስከባሪው ገብቶ ቁልፉን አዙሮ ያስጠጋለታል። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ሹፌር ካለ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይታገታሉ። ያኔ እናቱ፣ አያቱ፣ ዘር ማንዘሩ አይቀር፤ ተሰድቦ ተሰድቦ ተራውን ተነጥቆ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል። ባሌ እዚያ ተራ ላይ ሲሠራ ቁልፍ ነቅሎ አያውቅም። ማንም ነቅሎ አያውቅም።

ያን ቀን ረዳቱ አሞት ቀርቷል። ባሌ መኪናዋን ከግንቡ ጥግ አቁሞ ሽንት ቤት ሄደ። እሱ እዚያ እያለ ሰልፉ ፊት ላይ ሁለት ተሳፋሪዎች በወንበር ተጣልተው ተያያዙ። የኛ ሰው ጠብ ሲያይ ታውቁት የለ! ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ሁሉም ጠቡን ሊያይ ግር ብሎ ሄደ። ባሌ ቀበቶውን እያጠበቀ ሲመለስ የሚኒባሷ ቦታ ባዶ ነው። መጀመሪያ ያስጠጉለት መስሎት ሰልፉን ዳር እስከ ዳር ሮጠ። ከዚያ አንዲት ቆሎ ሻጭ «ያቺ ነጯ? እየበረረች ወጣች እኮ!» አለችው።

ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ወፍጮ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ እየተጣጠበ ነበር።

«ጋሼ፣ መኪናዋን ወሰዷት።»

«እነማን?»

«እንጃ። አላየሁም።»

«ቁልፉስ?»

«ኳድሮው ላይ ነበር።»

ጥፊው ሲያርፍ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ እርጥብ እጅ ነውና ድምፁ እስከ ጎረቤት ተሰማ። ባሌ እጁን አላነሳም። በሕይወቱ ወንድሙ ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም፤ ያሳደገው እሱ ነው። ያን ጊዜ ገና አንቱ የምል ሴት ነበርኩና «ኧረ ጋሼ፣ ስለ ፈጠረዎት!» ከማለት ሌላ ከአፌ የወጣ የለም።

ወፍጮ ሲበርድለት የኢንሹራንሱን ውል ከቁም ሳጥን አወጣ። ጣቱን ምላሱ ላይ እያራሰ ሲያገላብጥ ቆየና ድንገት ፊቱ በራ። «አግኝቻለሁ! ይኸው! የጠፋ ወይም የተሰረቀ ቁልፍ፣ ይከፈላል ይላል!» አለ። ያንኑ ቀን ከሰዓት ሦስታችንም ኢንሹራንስ ቢሮው ሄድን። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሠራተኛ ትሑት ነው፤ ወፍጮ ደግሞ ብልጥ ነኝ ባይ ነው።

«ለአንድ ጓደኛዬ ልጠይቅለት ብዬ ነው» አለ። ጓደኛ ያለው ይመስል።

ሠራተኛው አንብቦ አስረዳው። «ይቺ አንቀጽ ለቁልፍ ናት። ቁልፍ ጠፍቶብዎት ወይም ተሰርቆብዎት መኪናው ግን በእጅዎ ካለ፣ ሌባው በቁልፉ ተመልሶ እንዳይወስደው የበሮቹን መቆለፊያና ኳድሮውን እንቀይራለን። አዲስ ቁልፍ ተቀርጾ ውስጡ ያለው ቺፕም ከመኪናው ጋር እንዲተዋወቅ ይደረጋል። ወዲያው ለፖሊስ ማመልከት አለብዎት፣ የሚከፈለውም ውሉ ላይ እስከተጻፈው ጣሪያ ድረስ ነው። የመኪናውን ዋጋ አይደለም።»

«እሺ፣ ቁልፉ መኪናው ላይ እያለ መኪናው ራሱ ቢሰረቅስ?»

«ሰው ሳይኖርበት ቁልፍ ተትቶበት ከሆነ አንከፍልም። ውሉ በግልጽ አስቀርቶታል።»

«ሹፌሩን ደብድበው ቢወስዱትስ?»

«እሱ ዘረፋ ነው። ይከፈላል።»

ወፍጮ አመስግኖ ወጣ። ደረጃውን ስንወርድ ጥርሱ ይፋጭ ጀመር። እኔ ሞኟ ንዴት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያሰበ ነው።

የወሰደን አንድ የሚያውቀው መካኒክ ጋራዥ ነው። መካኒኩ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል፤ ወፍጮ የጋራዡን ቁልፍ ከጎረቤት ሱቅ ተቀብሎ ከፈተና ከውስጥ መልሶ ዘጋው። መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። አንድ ኮፈኑ የተነሳ መኪና፣ የተደረደረ ጎማ፣ ግድግዳው ላይ በየመጠኑ የተሰቀለ መፍቻ።

«ሦስት ናቸው ትላለህ» አለው ባሌን። «ከሽንት ቤት ስትመለስ ግንቡ ጋ ያዙህ፣ ደበደቡህ፣ ቁልፉን ከኪስህ ወሰዱ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ያልተመታ ሰው ተዘረፍኩ ቢል ማን ያምነዋል? ምልክት ያስፈልጋል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ጮህኩ። «እናንተ ሰዎች አብዳችኋል? ጤና የላችሁም?» አልኩ። ባሌ ዞር ብሎ አየኝ። «ተይ ሆዴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አንዴ ብቻ ነው» አለና ሸሚዙን አውልቆ ትከሻውን ሰጠ። እንደ ክትባት! እውነቴን ነው፣ ልክ ክትባት እንደሚወጋ ሰው ፊቱን አዙሮ ትከሻውን ሰጠ።

ወፍጮ ከግድግዳው ረጅሙን የጎማ መፍቻ አነሳ። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ባሌ በጉልበቱ ተንበረከከና ትንፋሹ እስኪመለስ ቆይቶ፣ ይግረማችሁ ፈገግ አለ። «በቃ ጋሼ፣ ይበቃል።»

በቅቶ ቢሆን ኖሮ። ወፍጮ መፍቻውን እያየ ቆመ። «ስንት ዘመን ለፋሁባት» አለ በቀስታ። «ስንት ዘመን! አንተ ልትሸና ሄደህ!» ሁለተኛው ጎኑ ላይ ነው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሦስተኛው ክንዱን። ከዚያ በኋላ የኢንሹራንስ ነገር የለም፣ ምልክት የለም፣ ሰውየው ዝም ብሎ እየመታ ነው። ባሌ ዘይቱ ላይ እየተንሸራተተ ሊሸሽ ይዳክራል፤ ወፍጮ በእግሩ ሆዱን እየረገጠ ይከተለዋል። አፉ አረፋ ደፍቋል። «ልትሸና! ልትሸና!» ይላል በየምቱ።

ጀርባው ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ፀጉሩን ይዤ ጎተትኩ፣ ጆሮው ስር በጥርሴ ያዝኩት፤ ደሙ አፌ ገባ። እንደ ካፖርት አውልቆ ጎማው ክምር ላይ ወረወረኝ። ቀና ስል መፍቻው እየወረደ ነበር፤ ባሌም በዚያው ቅጽበት ወንድሙን ሊለምን ፊቱን ቀና አድርጎ ነበር።

ያን ድምፅ አልናገረውም። ግራ ዓይኑ ነው።

ያኔ ነው ወፍጮ የነቃው። መፍቻውን ጣለና «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለ አቅፎት አለቀሰ፤ እንባው ከልቡ ነበር፣ አልዋሽበትም። ግን ታክሲ ተሳፍረን ሐኪም ቤት ስንሄድ፣ የባሌ ጭንቅላት ጭኔ ላይ ሆኖ ቀሚሴ በደም ሲርስ፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮው ምን እንዳለው ልንገራችሁ? «ሦስት ናቸው፣ እንዳትረሳ» አለው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንተ ነው የምለው።

ዓይኑን አላተረፉለትም። ሐኪሙ አውጥቶ ሰፋው። ፖሊስ አልጋው ድረስ መጥቶ ቃሉን ሲቀበል ባሌ እንደተባለው ሦስት ናቸው አለ። ወፍጮ ራስጌው ቆሞ ነበር። እኔ አፌን የያዝኩት ባሌ በቀረችው ዓይኑ ስለለመነኝ ነው። «ዓይኔስ ሄዷል» አለኝ በኋላ፤ «እንግዲህ መኪናዋም ከምትቀር ዓይኔ ለአንድ ነገር ይዋል።» ምን ልበለው? ሰው ዓይኑን ከከፈለ በኋላ ዕቃውን ተወው ይባላል?

ከሐኪም ቤት በወጣ ሳምንት የኢንሹራንሱ መርማሪ ጠራችን። ጎልማሳ ሴት ናት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ። ወንበር አቀረበችልን፣ ለባሌ ትራስ ሁሉ አስመጣችለት። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፎች ጠየቀች። ስትገዛ ሁለት ቁልፍ ነበራት፤ ወፍጮ ቤት የተቀመጠውን ትርፉን አስረከበ።

«ሌላኛውስ?»

«ዘራፊዎቹ ከኪሱ ወሰዱት» አለ ወፍጮ።

«እሳቸው ይንገሩኝ።»

ባሌ ተናገረ። ሦስት ሰዎች፣ ግንቡ ጋ፣ ብረት፣ ኪሱ። እንደ ተማሪ ሸምድዶታል። መርማሪዋ ስትጽፍ ቆየችና ብዕሯን አስቀመጠች።

«እኔ ተራው ድረስ ሄጄ ሰው አነጋግሬያለሁ» አለች። «ከመፈረምዎ በፊት የሚያስተካክሉት ነገር ካለ አሁን ይንገሩኝ። አሁን ካስተካከሉ እኔም እንደ ስህተት እቆጥረዋለሁ። ከፈረሙ በኋላ ግን አይሆንም።»

ይቺ ሴት በር እየከፈተችልን ነው! «ንገራት» አልኩት። «ሆዴ፣ ንገራት፣ ዓይንህን ያጠፋው ማን እንደሆነ ንገራት!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ዝጊ!» አለ ወፍጮ፤ እጁንም የባሌ ማጅራት ላይ አሳረፈ። ለተመልካች ማጽናናት ይመስላል። ጣቶቹ ግን ሥጋው ውስጥ ሲገቡ ይታየኛል። ባሌ ብዕሩን አነሳ። ፈረመ።

መርማሪዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ከፋይሏ ከተተችና ስልክ አንስታ «ይግቡ በላቸው» አለች።

የገባው ፉጨት ነው። ፉጨት ተራ አስከባሪው፣ አንድ ዕድሜውን ሹፌር የነበረው፣ መንጃ ፈቃዱን እስካሁን ኪሱ ይዞ የሚዞረው ሽማግሌ። ቀኝ እጁ እስከ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። እኛን ሲያይ ደነገጠና ወደ በሩ አፈገፈገ፤ ወፍጮን ነው ያየው።

«አይዞዎት አባቴ፣ ለኔ የነገሩኝን ይድገሙልኝ» አለችው።

ፉጨት ዓይኑን ከወፍጮ ሳያነሳ አወራ። ጠቡ ሲነሳ እሱ አልሄደም፤ ሰልፉ ክፍት ሆኖ ስላየ ሚኒባሷን ሊያስጠጋት ገብቶ ሞተር አስነሳ። ወዲያው በግንቡ በኩል ያለው በር ተከፈተና አንድ ጎረምሳ ቢላ ጉሮሮው ላይ ደገነ። «ውረድ» አለው። ፉጨት መሪውን የሙጥኝ አለ። «የልጆች ጉሮሮ ነው፣ ተው ልጄ አልኩት» አለ። ጎረምሳው ጣቶቹን በቢላ ገዘገዛቸው፤ አንድ በአንድ፣ መሪው ላይ እንዳሉ። ሁለቱ ሲንጠለጠሉ ለቀቀ። ጎትቶ በግንቡና በመኪናው መካከል ጣለውና ነድቶ ሄደ። ከመኪናዎቹ ጀርባ ስለሆነ ያየው ሰው የለም፤ እሱም ባሌ ሳይመለስ በግንቡ ጥግ ሾልኮ ሄደ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» አለ ባሌ። ድምፁ ከጉድጓድ የመጣ ይመስላል። «ምነው አባባ፣ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ፈራኋ ልጄ!» አለ ፉጨት፣ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ። «እሱን ፈራሁ። መኪናዋን ለነካት አንዲት ጭረት ከእኛ የአንዱን አስከባሪ ጥርስ ያረገፈው እሱ አይደል? መኪናውን እጄ ላይ አስነጠቅኩ ብዬ ብነግረው ይገድለኛል አልኩ። ለሰው የመኪና በር ቆረጠኝ ብዬ ቤቴ ተኛሁ።»

መርማሪዋ መነጽሯን አወለቀች። «ፈቃድ ያለው ሰው በእናንተው ፈቃድ መሪው ላይ ተቀምጦ፣ በስለት ተገድዶ ከተነጠቀ፣ ቁልፍ ትቶ መሄድ አይባልም» አለች። «ዘረፋ ነው። እሳቸው ሽንት ቤት ነበርኩ ቢሉኝ እንኳ፣ ምስክሩን አግኝቼ እናንተ የምትሸከሙትን ድርሻ ቀንሼ አስከፍል ነበር። አሁን ግን ሐሰተኛ ቃል ፈርማችኋል። ጥያቄው ውድቅ ነው፤ ውሉም ይቋረጣል። ለፖሊስም አሳውቃለሁ።»

የወፍጮ ጥርስ ሲፋጭ ይሰማል። ከዚያ ወንበሩን አንስቶ ፉጨት ላይ ሄደ፤ የመጀመሪያው ምት ሽማግሌውን በሩ ላይ ለጠፈው። ባሌ ተነሳ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በተሰበረ ጎኑ፣ ወንድሙ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ፤ ጠረጴዛው ተገለበጠ፣ ብርጭቆ ተሰበረ። ባሌ ከላይ ሆኖ በቡጢ እየመታው «መሪው ላይ ሰው ነበረ! ሰው ነበረ!» ይላል። ወፍጮ አፍንጫው ደም በደም ሆኖ አይከላከልም። ጥበቃዎቹ መጥተው ሲያላቅቋቸው እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን የባሌ የዓይኑ ስፌት ተፈትቶ ደሙ ጉንጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ወፍጮን ፖሊስ ወሰደው። ባሌንም ለሐሰተኛ ቃሉ ጠየቁት፤ ፊቱን አይተው ነው መሰለኝ በዋስ ለቀቁት። ወፍጮም ዋስ ጠርቶ ወጣ፣ ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ነው። በዚህ መሐል ሚኒባሷ ተገኘች። አዎ፣ ተገኘች! ከከተማው ዳር አንድ የተተወ መጋዘን ጀርባ፣ ነዳጅ ጨርሳ፣ አንድ ጭረት ሳይነካት። መሪዋ ላይ የፉጨት ደም ደርቋል። ቁልፏ ብቻ የለም።

ሌባው ቁልፉን ይዞ እየዞረ መኪናዋን እንዲያው ማቆም አይቻልም። ያ ትሑት ሠራተኛ ያነበበልን አንቀጽ ለዚህች ቀን ነበር የተጻፈው፤ መቆለፊያው፣ ኳድሮው፣ ቺፑ፣ ሁሉም በእነሱ ይቀየር ነበር። ውሉ ስለተቋረጠ ወፍጮ ከኪሱ አስቀየረው።

ትናንት ጠዋት ጓሮ መጣ። ኮቱን ደርቧል፣ አፍንጫው ጎብጧል። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ መግባት ፈራ። እኔ የድስት ክዳን በእጄ ነበር፣ ትንሽ ቢጠጋ ግንባሩን እፈነክተው ነበር።

«ወንድሜ፣ መኪናዋ ወደ ተራዋ ትመለሳለች» አለ። «ሌላ ሰው አላምንም። ያለ አንተ ማን አለኝ? ና ንዳልኝ።» ከኪሱ አዲሱን ቁልፍ አውጥቶ ዘረጋ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ገና ማንም ያልያዘው።

ባሌ ከአልጋው ጠርዝ ተነሳ። እኔ «እንዳትቀበለው!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ቂም አያውቅም፤ ያሳደገው ወንድሙ ለመነው፣ አለቀ። እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ሊይዝ ጣቶቹን ጨበጠ።

የጨበጠው አየር ነው፤ ለካ በአንድ ዓይን ርቀት አይለይም። ቁልፉ ከእጁ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ የወፍጮ መዳፍ ላይ እንዳለ አለ። እንደገና ሞከረ፤ አሁን ደግሞ አሳልፎ የወንድሙን የእጅ አንጓ ያዘ። እዚያው ላይ እጁ ቀረና ሁለቱም እንደተያያዙ ቆሙ፣ ማናቸውም ሊለቅ አልቻለም።